ምዕራፍ ሰባት፤ ስለ ጣራ አይጥ፣ ስለ ሌሊት ድምፅዋና ስለ ጎሬዋ ምርመራ

በሌሊት ከራሱ በላይ የሩጫ ድምፅ የሰማ ሰው፣ ነግቶ ለጎረቤቱ ሲናገር፣ «አይጥ በጣራዬ ውስጥ ወልዳለች» ማለቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን መስማት አንድ ነገር ነው፣ መውለድዋ ሌላ ነገር ነው። አይጥ በአንድ ቤት ጣራ ውስጥ የምትገኘው በሁለት ዓይነት አኳኋን ሲሆን፣ አንደኛው በሌላ ስፍራ አድራ ወደ ምግብዋ ስትሄድ ጣራውን እንደ መንገድ ብቻ ስትጠቀምበት ነው፤ ሁለተኛው ግን በዚያው በጣራው ውስጥ ጎሬ ሠርታ፣ መዓልቱን ተኝታ፣ ልጆችዋን ወልዳ ስትኖር ነው። ለጆሮ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። መንገድ ብቻ የሆነውን ጣራ ቀዳዳውን መድፈን ይበቃዋል። ጎሬ ያለበትን ጣራ ግን ሳይመረምሩ የደፈኑት እንደ ሆነ፣ እናቲቱ በውጭ ቀርታ ልጆችዋ በውስጥ ይሞታሉ፣ ወይም እርስዋ በውስጥ ተዘግታ በኮርኒሱና በእንጨቱ ላይ አዲስ በር ትቀድዳለች፤ ከዚያም በኋላ ሽታውና ዝንቡ ለብዙ ቀን የማይለቅ ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ የአይጥ ቁንጫ የተሸከመችው አይጥ ስትሞትና ገላዋ ሲቀዘቅዝ ጥሏት ወጥቶ ሌላ ሞቃት ደም ስለሚፈልግ፣ በታች የተኛውን ሰው ማግኘቱ ነው። ከቁንጫ የሚመጣው የአይጥ ታይፈስም፣ በጥንት ዘመን ሕዝብን የጨረሰው የቸነፈር በሽታም በዚህ መንገድ ወደ ሰው የተላለፉ ናቸው። ስለዚህ ቀዳዳ ከመድፈንና መርዝ ከመበተን በፊት ጎሬው መኖሩንና ያለበትን ስፍራ ማረጋገጥ ይገባል፤ የዚህ ምዕራፍ ነገርም ይኸው ነው።

በጣራ ውስጥ የሚኖረው አይጠ መጎጥ ሊቃውንቱ ራቱስ ራቱስ የሚሉት ሲሆን፣ የትውልድ አገሩ ወደ ህንድ ወገን ነው፤ በመርከብና በሲራራ ንግድ ወደ ዓለም ሁሉ የተበተነ ነው። ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1758 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መዝግቦታል። ጎልማሳው ከ150 እስከ 250 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ጆሮው ሰፊ፣ ገላው ቀጠን ያለ፣ ጅራቱ ከራሱና ከገላው ርዝመት የሚበልጥ ነው። ይህ ረጅም ጅራት በቀጭን ማገርና በመብራት ገመድ ላይ ሲሄድ ሚዛን የሚጠብቅበት ስለ ሆነ፣ ከፍታ ለእርሱ የተፈጥሮ ማኅደሩ ነው። በቦይና በመሬት ጉድጓድ የሚኖረው ወፍራሙ ዘመዱ ግን ጅራቱ አጭር ነው፤ መውጣት ቢችልም መቈፈርን ይመርጣል። ስለዚህ ድምፁ ከላይ ከሆነ የምንፈልገው በመጀመሪያ ቀጭኑን ነው።

የምናዳምጠውም ቤት አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ የቆርቆሮና የሣር ክዳን ለአይጥ አንድ ዓይነት መኖሪያ አይደሉምና። ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ እጅ የማያስነካ ሆኖ ይግላል፣ በሌሊት ደግሞ ይበርዳል፤ በዚህ ምክንያት አይጥ ጎሬዋን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቃ አትሠራም። የምትመርጠው የጣራው ወራጅ በግድግዳው አናት ላይ የሚያርፍበትን ጥግ ነው፤ በዚያ የጭቃው ግድግዳ ቀን ሙቀቱን ያበርድላታል፣ ሌሊት ደግሞ የዋለውን ሙቀት ይመልስላታል። ኮርኒስ ያለበት ቤት ከሆነም፣ የጨርቁ ወይም የማዳበሪያው ከረጢት ጥግ ላይ ተጣጥፎ የተረፈው ቍራጭ ለእርስዋ የተዘጋጀ አልጋ ነው። የምትገባበትም በር ሩቅ አይደለም፤ የቆርቆሮው ሞገድ በግድግዳው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ከእያንዳንዱ ሞገድ በታች ክፍት ስፍራ ይቀራልና፣ ግንበኛው በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ካልመረገው፣ ቤቱ ዙሪያውን በር አለው ማለት ነው። ጎልማሳ አይጥ ጭንቅላትዋ ከገባላት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይበቃታል፤ ግልገልዋ ደግሞ ከዚያም በጠበበው ታልፋለች።

የሣር ክዳን ግን ከዳር እስከ ዳር ጎሬ ለመሆን የተመቸ ነው። ሣሩ ሙቀትንም ብርድንም ስለሚያለዝብ፣ የጎሬውም ዕቃ ራሱ ጣራው ስለ ሆነ፣ አይጥ በማገሩና በሣሩ መካከል ዋሻ ትሰረስርና በየትኛውም ስፍራ ታድራለች። የሚገታት ጢስ ብቻ ነው። እሳት ዘወትር የሚነድበት ቤት፣ ጥቀርሻው ሣሩን ያጠነክረዋል፤ ከምድጃው በላይ ባለው ወገን የሚያድር ሕይወት ያለው ነገርም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለው ቤት ጢሱ በብዛት የማይደርስበትን ወገን፣ በተለይም በጓዳው በላይ ያለውን፣ አስቀድሞ መመልከት ይሻላል። ምድጃው ከቤቱ ወጥቶ ማድ ቤት ለብቻው ከተሠራ በኋላ፣ «ጣራው አይጥ በዛበት» የሚል ቤተ ሰብ የሚናገረው እውነት ነው፤ ጢሱ ሲወጣ ጠባቂው አብሮ ወጥቷልና።

አሁን ወደ ድምፁ እንመለስ። በቆርቆሮ ቤት በሌሊት የሚሰማው ድምፅ ሁሉ የአይጥ አይደለም፣ የብረቱ የራሱም አለበት። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ 2 ሜትር የሚሆን ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለወጥ ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይለወጣል። ይህ ለዓይን ከንቱ ቢመስልም፣ ቆርቆሮው በሚስማር ተይዞ በእንጨት ላይ ስለ ተጫነ፣ ያ አንድ ሚሊ ሜትር ቀስ ብሎ መንሸራተት ሲከለከል ኀይሉን አከማችቶ በድንገት ይለቀዋል፤ «ቋ!» የሚለውም ያን ጊዜ ነው። ይህን ድምፅ ከአይጥ የሚለየው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ሰዓቱ ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባለው አንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ ይበዛል፣ ከዚያም እየራቀ ይሄዳል፤ ነግህም ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው ይመለሳል፤ ደመና በዋለበት ቀን ማታ ግን ይጠፋል ወይም ያንሳል። ሁለተኛው ስፍራው ነው፤ የብረት ድምፅ አንድ ስፍራ ይመታል እንጂ አይሄድም። ሰው ግድግዳውን በእጁ ቢደበድበው ብረቱ አይሰማም፣ አይጥ ግን ያንኑ ቅጽበት ዝም ትላለች፤ ጥቂት ቈይታም ከዚያው ከቆመችበት ትቀጥላለች።

ሌሎቹን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። ወፍ በጣራ ሥር ብትሠራ ድምፅዋ ጎሕ ሲቀድ ይጀምራል እንጂ በመንፈቀ ሌሊት አይሰማም። የሌሊት ወፍ በሰርክ ጊዜ ሲንጫጫ ይሰማና ሁሉም በአንድነት ይወጣል፤ ኩሱም በሁለት ጣት ሲታሽ እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈራርሳል፣ የነፍሳትም ክንፍ ስባሪ ይታይበታል፤ የአይጥ ግን ደርቆም ቢሆን እንዲህ አይበተንም። ሸለምጥማጥና ድመት በቆርቆሮው ላይ በውጭ ሲሄዱ የእግራቸው ክብደት ቆርቆሮውን እያጐበጠ ስለሚያሰማው፣ ለሰሚው ከሩጫ ይልቅ እርምጃ ሆኖ ይታወቃል።

የአይጥ የራስዋ ድምፅ ሦስት ዓይነት ሲሆን፣ ሦስቱም የተለያየ ነገር ይናገራሉ። ሩጫው፣ ቀላልና ፈጣን የሆነው፣ በአንድ መሥመር የሚያልፈው፣ መንገድ መኖሩን ብቻ ይመሰክራል። ፍቀቱ፣ በአንድ ስፍራ ለብዙ ደቂቃ የሚቀጥለው፣ ቀዳዳ እየሰፋ ወይም እንጨት እየተበላ መሆኑን ያሳያል፤ የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሁሉ ማደጉን ስለማያቆም ጠንካራ ነገር መፋቅዋ ስለ ርሃብ ብቻ አይደለም። ሦስተኛው ዝቅ ያለ ኵሽኵሽታ ነው፤ ጨርቅ ሲተለተል ወይም ሣር ሲጐተት የሚሰማ፣ ሩጫ ያልቀደመው፣ ሰው ሊያንቀላፋ ሲል ብቻ የሚያስተውለው ድምፅ፤ ስለ ጎሬ በእውነት የሚነግረን ይህ ነው፣ ሰዎች ግን ሩጫው ስለሚያስፈራቸው ለዚህኛው ጆሮ አይሰጡትም። የግልገሎች ጩኸት ቢሰማ ፍጹም ምስክር ይሆን ነበር፤ ነገር ግን ገና የተወለዱ ግልገሎች እናታቸውን የሚጠሩበት ድምፅ አብዛኛው በሴኮንድ 40,000 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ በመሆኑ፣ የሰው ጆሮ ደግሞ ከ20,000 በላይ ስለማይሰማ፣ ጎሬው ሙሉ ሆኖ ሳለ ቤቱ ጸጥ ያለ ሊመስል ይችላል። እንግዲህ ጩኸት አልሰማሁም ማለት ግልገል የለም ማለት አይደለም።

ድምፅ ከነገረን በኋላ ዓይን መፈለግ ያለበት መንገዱን ነው። አይጥ ዓይንዋ ደካማ ስለ ሆነ በጨለማ የምትመራው በጢምዋና በገላዋ ንክኪ ነው፤ ግድግዳውን ወይም እንጨቱን እየታከከች ትናንት በሄደችበት ዛሬም ትሄዳለች፤ ዘላ የምታልፈውን ክፍተት ሳይቀር ገላዋ አጥንቶታል። ይህ ጠባይዋ ለመርማሪው ትልቅ ስጦታ ነው፤ ምክንያቱም የጠጕርዋ ቅባትና የእግርዋ አቧራ በየሌሊቱ በአንድ ስፍራ ላይ ሲታሽ፣ በተቀባ ግድግዳና በጥርብ እንጨት ላይ ጥቁርና የሚያንጸባርቅ እድፍ ይተዋል። በወራጁ ሥር፣ ወራጁ ከአግዳሚው ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ እድፉ እንደ ግማሽ ክብ ሆኖ ከታየ የጣራ አይጥ መሆንዋ ተረጋገጠ፤ አይጧ ወራጁን በላይ ማለፍ ሲያቅታት ከሥሩ ተንጠልጥላ ስትዞረው ሆድዋና ጎንዋ የሚሥሉት ምልክት ነውና።

ጥቀርሻ ባለበት የሣር ቤት ግን ይህን ጥቁር እድፍ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም፣ እንጨቱ ሁሉ ጥቁር ነውና። በዚያ ምልክቱ ተገላቢጦሽ ነው፤ መንገዱ ጥቀርሻው የጠፋበት ስፍራ ነው። ማገሩን በፋኖስ ወይም በእጅ ባትሪ ከጐን በኩል ሲያበሩበት፣ ፊቱ ለስላሳ አቧራማ ጥቁር ከሆነ ማንም አልሄደበትም፤ በመካከሉ ሦስት ጣት በማይሞላ ስፋት የተወለወለና የእንጨቱ መልክ የወጣበት መሥመር ከታየ ግን ፍኖቱ ያ ነው። መሥመሩን ተከትለው ሲሄዱ ወደ ሣሩ ገብቶ የሚጠፋበትን ስፍራ ያገኛሉ፤ በዚያ ትክክል በታች በመሬት ላይ የተበጠሰ የሣር ቍራጭ በየጠዋቱ ተጠርጎ በማግሥቱ ደግሞ ከተገኘ፣ ዋሻው ገና እየተሠራ ነው። በዚህ ጊዜ እጅን ወደ ሣሩ መክተት ፈጽሞ አይገባም፤ የአይጥ ንክሻ አለ፣ አይጥንም የሚከተል እባብ በሣር ጣራ ውስጥ ይገባል።

የመንገዱን መኖር ያገኘ ሰው ደግሞ አሁን የሚሄዱበት መሆኑን መለየት አለበት፤ አይጥ ከተወገደች በኋላ እድፉ ለዓመታት ይቀራልና። የሸረሪት ድር በመንገዱ ላይ ሳይበጠስ ከተዘረጋ መንገዱ የቆየ ነው። ኩሱ ደግሞ ከእድፉ ይልቅ እውነተኛ ነው፤ የጣራ አይጥ ኩስ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ ጥቂት የጐበጠ ሲሆን፣ የትንሿ የቤት አይጥ ግን ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ትኩሱ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ፣ በእንጨት ሲጫኑት ለስላሳ ነው፤ ጥቂት ቀን ከቈየ በኋላ ይደርቅና አመዳም ይሆናል። በአንድ ስፍራ ላይ ትልቁና ትንሹ ተደባልቆ፣ ትኩሱና አሮጌው ተከምሮ ከተገኘ፣ እናትና ከጎሬ የወጡ ግልገሎች አብረው ይኖራሉ ብሎ መገመት ይቻላል፤ ሆኖም በዚህ ብቻ መፍረድ አይበቃም፣ በአንድ ቤት ሁለቱም ወገን አይጥ ሊኖር ይችላልና።

የማረጋገጫው ሥራ በሦስት ነገር የሚፈጸም ነው፤ በሰዓት፣ በአመድና በወረቀት። ከሦስቱ የሚበልጠው ሰዓቱ ነው። አይጥ መዓልቱን በጎሬዋ ትውላለች፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ግድም፣ ጨለማው ሲጸና ትወጣለች፤ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት፣ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ፣ ሌላ ብርቱ እንቅስቃሴ አድርጋ ትመለሳለች። ስለዚህ በመሸ ጊዜ የመጀመሪያው ድምፅ የተሰማበት ስፍራና በነግህ የመጨረሻው ድምፅ የጠፋበት ስፍራ አንድ ከሆኑ፣ ጎሬው ከዚያ አይርቅም። በመካከሉ ያለው የሌሊቱ ጫጫታ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ የመንገድ ድምፅ ነው። ሰው ግን በመንፈቀ ሌሊት ነቅቶ የሰማውን ብቻ ስለሚያስታውስ፣ ጎሬውን በተሳሳተ ስፍራ ይፈልጋል።

አመዱ በወንፊት ተነፍቶ፣ በግድግዳው አናት ላይ አይጧ ትሄድበታለች በተባለው ስፍራ፣ አንድ ክንድ በሚሆን ርዝመት እጅግ ስስ ሆኖ ይነሰነሳል፤ የወፈረ አመድ ዳናውን ስለሚውጥ ጥቅም የለውም። በማግሥቱ የፊተኛው እግር አራት ጣት፣ የኋለኛው አምስት ጣት፣ በመካከላቸውም የጅራቱ ሰረዝ ይታያል። ዱቄት በአመድ ምትክ መጠቀም ግን የማይረባ ልማድ ነው፤ ዱቄቱ ራሱ ምግብ ሆኖ አይጥን ይጠራል፣ ጉንዳንም ይጠራል፣ ምልክቱም ይበላሻል። ወረቀቱ ደግሞ ቀዳዳውን ለመመርመር ነው፤ የተጨማደደ ወረቀት ወይም ደረቅ ሣር በየቀዳዳው ልል ሆኖ ይወተፍና አንድ ሌሊት ይተዋል። የተገፋው ቀዳዳ በር ነው፤ ያልተነካው ግን አንድ ሌሊት ብቻ ታይቶ አይፈረድበትም፣ አይጥ አዲስ ነገር ስታይ በጥርጣሬ ትርቃለችና እስከ ሦስት ሌሊት መጠበቅ ይገባል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቤት እንዴት እንደ ተገጣጠመ ልንገር። በአዲስ አበባ በጉለሌ በኩል ያለ፣ በባሕር ዛፍ ማገር የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ነው፤ አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ ሳሎን፣ ከሳሎኑ ጀርባ እህል የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት፣ በውጭ ማድ ቤት አለው። ኮርኒሱ ኖራ የተቀባ ጨርቅ ነው። የቤቱ እመቤት፣ ዕድሜ የጠገቡ ወይዘሮ፣ ከአልጋቸው በላይ ያለው ኮርኒስ እንዲቀደድና ጎሬው እንዲወጣ ፈልገው ነበር።

«ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከራሴ በላይ እኮ ነው የሚሮጠው፤ ሌላ ስፍራ ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ የሰሙት እውነት ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ማታ መብራቱን አጥፍተን ከወዴት እንደምትነሣ እንስማ፤ ኮርኒሱን መቅደድ ለነገም ይደርሳል» አልኋቸው።

በመሸ ጊዜ ከመኝታ ቤቱ በላይ አስቀድሞ የተሰማው የቆርቆሮው መሰብሰብ ነበር፤ አንድ ስፍራ ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይመታል። እመቤቲቱ «ይኸው!» ሲሉ ግድግዳውን በእጄ ደበደብሁት፤ ድምፁ አልተቋረጠም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጥቂት ካለፈ በኋላ ግን በዕቃ ቤቱ ጥግ ያ ዝቅተኛ ኵሽኵሽታ ተሰማ፤ ከዚያ ቀላል ሩጫ ሳሎኑን በግድግዳው አናት አቋርጦ፣ በመኝታ ቤቱ ላይ አልፎ፣ በማድ ቤቱ በኩል ወጣ። ሩጫው በሌሊት ሲመላለስ አደረ። ጎሕ ሊቀድ ሲል የመጨረሻው ድምፅ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመልሶ በዚያው ጠፋ።

በቀን መሰላል አቁመን ስናይ፣ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ አናት በእድፍ የጠቆረ መንገድ ነበር፤ በእርሱ ላይ የነሰነስነውም አመድ በማግሥቱ ወደ ሁለቱም ወገን የሚሄድ ዳና ይዞ ተገኘ። ይህ መንገድ ነው፤ ከሚያድርበት ስፍራ ግን ኩስ በብዛት ይጠበቃል፣ በዚህ ተበትኖ የተገኘው ጥቂት ነበር። ከሦስት ቀዳዳዎች ሁለቱ፣ አንዱ በመኝታ ቤቱ ጥግ፣ ሌላው በሳሎኑ መስኮት በላይ፣ ወረቀታቸውን እንደ ያዙ ቈዩ፤ የዕቃ ቤቱ ወረቀት ግን በመጀመሪያው ሌሊት ተገፍቶ መሬት ወደቀ። በዕቃ ቤቱ ኮርኒስ ጥግ የጨርቁ ኖራ ብጫ ሆኖ ነበር፤ ይህ ሽንት ነው፤ ጨርቁም እንደ ከበደው ሁሉ ጥቂት ረግቦ ነበር። በታች ከተቀመጡት ጆንያዎች አንዱ አፉ ተበልቶ ክሩ ተመዝግዟል፤ እህሉ ግን አልተነካም። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይልቅ አሳመነኝ፤ እህሉን ትታ ክሩን የምትወስድ አይጥ የምታነጥፈው አልጋ አላት።

ጎሬው ሲከፈት አፍንጫና አፍ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ እጅ በጓንት ተከልሎ፣ በአንድ እጅ በረኪና ላይ ዘጠኝ እጅ ውሃ ተቀላቅሎ አስቀድሞ ሊርስና ጥቂት ደቂቃ ሊቈይ ይገባል፤ በደረቁ መጥረግ ከሽንቱና ከኩሱ የሚነሣውን አቧራ ወደ ሳንባ ያስገባልና። በዚያ ጥግ የጆንያ ክር፣ የጭድና የወረቀት ቍራጭ ተድቦልቡሎ ክብ ሆኖ ተሠርቷል፤ በውስጡም ስድስት ግልገሎች ነበሩ፣ ጠጕር አብቅለው ዓይናቸው ገና አልተከፈተም። የአይጥ ግልገል ዓይንዋ የሚከፈተው በሁለት ሳምንት ግድም ስለ ሆነ፣ የተወለዱት ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። እንግዲህ እመቤቲቱ እንደ ፈለጉት የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ቢቀደድ ባዶ ይገኝ ነበር፤ የዕቃ ቤቱ ቀዳዳ ሳይመረመር በጭቃ ቢመረግ ደግሞ ስድስቱ ከእህሉ በላይ ይበሰብሱ ነበር።

እናቲቱ የተያዘችው በመንገድዋ ላይ ነው። ወጥመዱ በግድግዳው አናት ላይ፣ ምግቡ የተቀመጠበት ወገን ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ጥቂት ሌሊት ሳይጠመድ ምግብ ብቻ ይዞ ቈየ፤ አይጥ የማታውቀውን ዕቃ እስክትለምደው ድረስ አትቀርበውምና። ምግቡ በተከታታይ መበላቱ ከታየ በኋላ ሲጠመድ በዚያው ሌሊት ያዛት። ከዚህም በኋላ ነው የቆርቆሮው ሞገዶች ሥር በሲሚንቶ የተመረገው፤ አየር እንዲገባ የተተወውም ክፍተት ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ወንፊት ሽቦ ተከደነ።

አመዱ ግን አልተነሣም። አይጥ የምታረግዘው ከ21 እስከ 23 ቀን ነው፤ እንደ ወለደችም ወዲያው ልታረግዝ ትችላለች። ስለዚህ ሌላ ሴት አይጥ በቤቱ ቀርታ እንደ ሆነ፣ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ አዲስ ዳና፣ ትኩስ ኩስ ወይም የተመዘገዘ ክር መታየቱ አይቀርም፤ የቤቱ ሰዎችም በየሳምንቱ መሰላሉን አቁመው አመዱን በአዲስ እየለወጡ፣ የጆንያዎቹንም አፍ እየተመለከቱ ያን ወር እንዲጠብቁ ተነገራቸው።